«ተንቀጠቀጠ» በስድስት ካርድ፦ ከ720 አንድ ወይስ ከ180 አንድ?

ጥያቄው ሲያዩት የአምስት ደቂቃ ነው። ጥያቄው የቀረበበት የኢንተርኔት ውይይት ክር ግን እስከ 35ኛ መልስ ሄደ። እኔም ሁለት ማታ ተቀምጬ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ሁሉን እንዳለ ብገለብጠው ስለሚሰለች፣ ማን ምን እንዳለ በራሴ አፍ ላውራችሁ።

ክሩን የከፈተው ልጅ ከጓደኛው ጋር ስድስት ካርድ ከወረቀት ቆርጧል። በየካርዱ ላይ አንድ ፊደል ጻፉ፦ ተ፣ ን፣ ቀ፣ ጠ፣ ቀ፣ ጠ። ካርዶቹን በደንብ በወዙ፤ ሳያዩ ከግራ ወደ ቀኝ ደረደሩ፤ ከዚያ ገለበጡ። «ተንቀጠቀጠ» ተብሎ የመነበብ ዕድሉ ስንት ነው? ጓደኛው ከ720 አንድ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ስድስት ካርድ የሚደረደርበት መንገድ 6×5×4×3×2×1 ነው፤ 720፤ አለቀ። ከፋቹ ግን ሁለት ቀ እና ሁለት ጠ ስላሉ ዕድሉ ከዚያ ከፍ ማለት አለበት ባይ ነው። በስንት እንደሚጨምር ግን አያውቅም። ነገሩ ውርርድ አለበት። የተሸነፈ ለአንድ ወር እቃ ያጥባል።

1ኛው መልስ አንድ መስመር ነበር። 6!/(2!·2!) = 180፣ ስለዚህ ከ180 አንድ። ሰላምታ የለ፣ ማብራሪያ የለ። ያ ቃለ አጋኖ ፋክቶሪያል ይባላል፤ ቁጥሩ እስከ 1 ድረስ እየወረደ ሲባዛ ማለት ነው፤ 6! ያው 720 ነው። ትክክል ነው፤ ግን ማንንም አላሳመነም። ከፋቹ በ2ኛው አመስግኖ፣ ጓደኛው ይህን ቀመር ቢያየውም ካርዶቹ ስድስት መሆናቸውን የሚቀይረው ነገር የለም ብሎ እንደሚስቅበት ጻፈ። ወረቀት ወረቀት ነው፤ ላዩ ላይ የተጻፈው ፊደል ተመሳሰለም አልተመሳሰለም ወረቀቶቹ ስድስት ናቸው። እውነቱን ለመናገር ይህ የጓደኛው ክርክር ቀላል አይደለም። ቀመሩን የሚያውቁ ብዙ ሰዎች እዚህ ላይ መልስ ያጥራቸዋል።

3ኛዋ መላሽ ለብዙ ዓመት ሒሳብ ያስተማረች ሴት ናት። ራሷ ነው የተናገረችው፤ ባትናገርም ከአጻጻፏ ይታወቃል። መጀመሪያ ለጓደኛው ፈረደችለት። 720 ትክክለኛ ቁጥር ነው አለች። ከዚያ እርሳስ አንሱና በካርዶቹ ጥግ ላይ ትንሽ ቁጥር ጻፉ አለች፦ ቀ1፣ ቀ2፣ ጠ1፣ ጠ2። አሁን ስድስቱም ካርዶች ይለያያሉ፤ 720ዎቹ አደራደሮችም ሁሉም እኩል ዕድል አላቸው። የቀረው ጥያቄ ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ «ተንቀጠቀጠ» ተብሎ ይነበባል የሚለው ብቻ ነው። ተ እና ን ቦታቸው አንድ ነው። ሦስተኛውና አምስተኛው ቦታ ላይ ቀ1 ወይም ቀ2 ሊቀድም ይችላል። አራተኛውና ስድስተኛው ላይም ጠ1 ወይም ጠ2 ሊቀድም ይችላል። ሁለት ጊዜ ሁለት፣ አራት። ስለዚህ ዕድሉ ከ720 አራት ነው፤ ሲቀል ከ180 አንድ።

እኔን የነካኝ አቀራረቧ ነው። ጓደኛው የተሳሳተው ከታች ባለው ቁጥር ሳይሆን ከላይ ባለው ነው። 720ውን በትክክል ቆጥሮ፣ ቃሉን የሚሰጠው መንገድ ግን አንድ ብቻ መሰለው።

4ኛው መላሽ በደስታ ገባ። ይህን ያህል መድከም አያስፈልግም፤ ሁለት ቀ እና ሁለት ጠ አሉ፤ ሁለትና ሁለት ሲደመር አራት፤ 720ን ለአራት አካፍሉ፤ 180፤ በቃ። 5ኛው ወዲያው ጮኸበት። መልሱ ልክ፣ ምክንያቱ ውድቅ ነው አለ። ቁጥሮቹ ይደመሩ ዘንድ ማን ነገረህ? ይባዛሉ እንጂ፤ ሁለት ሲደመር ሁለትና ሁለት ሲባዛ በሁለት እኩል መሆናቸው አጋጣሚ ነው። 4ኛው በ6ኛው ተመልሶ፣ መልስ ልክ ከሆነ የመንገዱ ነገር ማንን ያሳስባል አለ። ትንሽ ቅር ብሎታል መሰለኝ።

7ኛው ላይ መምህሯ ተመለሰች፤ አልተቆጣችም። ካርዶቹ ቀ፣ ቀ፣ ቀ እና ጠ ቢሆኑስ ብላ ጠየቀችው። በእሱ መንገድ 24 ለ3 ይካፈላል፤ 8 ይሆናል። እስኪ ስምንቱን ጻፋቸው አለችው። መጻፍ አይቻልም። ጠ መጀመሪያ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ቦታ ላይ ነው የሚሆነው፤ ከዚያ ሌላ ምርጫ የለም። አራት ብቻ ናቸው። ሦስት ቀ እርስ በርሳቸው ቦታ የሚለዋወጡበት መንገድ 3 ሳይሆን 3×2×1 ነው፤ ማለትም 6። 24 ለ6፣ 4። 4ኛው ለዚህ መልስ አልሰጠም፤ ግን የምስጋና ምልክት አድርጎላታል። በእንደዚህ ዓይነት ቦታ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

8ኛው ሌላ ስህተት ይዞ መጣ፤ በሙሉ ልብ ደግሞ። የሚደገሙት ካርዶች በጠቅላላ አራት ናቸው፤ ስለዚህ የሚካፈለው ለ4! ነው፤ 720 ለ24፤ መልሱ 30 ነው። ከላይ ያሉት ሁሉ ተሳስተዋል ብሎም ጨመረ። ይህ ስህተት ከአራተኛው ሰው የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ቀ እና ጠ ራሳቸው ቦታ ሲለዋወጡ ንባቡ እንደማይቀየር አድርጎ ይቆጥራል።

9ኛው በአንድ ቃል ገደለው፦ ለምለም። ለ ሁለት ጊዜ፣ ም ሁለት ጊዜ። በ8ኛው ሕግ የሚደገሙት አራቱም ናቸው፤ 24 ለ24፤ ስለዚህ አንድ አደራደር ብቻ አለ ማለት ነው። ሆኖም ማንም ሰው እጁ ላይ ሊጽፋቸው ይችላል፦ ለምለም፣ ለለምም፣ ለምምለ፣ ምለምለ፣ ምለለም፣ ምምለለ። ስድስት። 24 ለአራት። ይህ ለምለም የሚለው ቃል በክሩ ውስጥ ከዚያ በኋላ የመፈተኛ ድንጋይ ሆነ። አዲስ ቀመር ይዞ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ በለምለም ይፈተን ተባለ። ጥሩ ልማድ ነው፤ ስድስቱን በጣት መቁጠር ስለሚቻል ማንም ሊያጭበረብር አይችልም።

10ኛው ላይ ወሬው ከመንገድ ወጣ። አንዲት ሴት የስልኳን መክፈቻ ቁጥር ረስታለች። አራት አሃዝ ነው። መስታወቱን ወደ ብርሃን አዘንብላ ስታየው የጣት ቅባት የታየባት በሦስት ቁጥሮች ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱ ተደግሟል። ከላይ እንዳነበበችው መደጋገም የአደራደሩን ብዛት ስለሚቀንስ፣ የእሷ ሙከራ ከ24 ያነሰ ነው ብላ ተስፋ አድርጋለች። 12 ይሆን?

11ኛው አዎ 12 ነው ብሎ አለፈ። 12ኛው ግን ቆይ አለ። የሚደገመው የትኛው እንደሆነ ብታውቂ 12 ነው። አታውቂም። ከሦስቱ አንዱ ነው፤ ለእያንዳንዱ 12 አለ፤ ስለዚህ 36። ማለትም አራቱም አሃዞች የተለያዩ ቢሆኑ ኖሮ 24 ሙከራ ይበቃት ነበር፤ አሁን ግን 36 ነው። እኔ ይህን ሳነብ ቆም አልኩ። መደጋገም ብዛትን የሚቀንሰው ምን እንደተደገመ ካወቅን ነው። ካላወቅን ያው ያልታወቀው ነገር ራሱ ሌላ ምርጫ ሆኖ ይባዛል። ሴትዮዋ በ13ኛው ላይ ስልኩ ከተወሰነ ስህተት በኋላ ለረጅም ጊዜ እየተቆለፈ አላስቆጠራትም ብላ አማረረች። ከፋቹ በትህትና ወደ ካርዶቹ እንመለስ አለ።

14ኛው ያመጣው መንገድ ከሁሉም በላይ ለጓደኛው ይስማማል ብዬ አስባለሁ። ምንም ፋክቶሪያል የለውም። ካርዶቹን አንድ በአንድ ግለጧቸው አለ። የመጀመሪያው ተ የመሆን ዕድሉ ከስድስት አንድ ነው። ከዚያ ከቀሩት አምስት ውስጥ ን መምጣት አለበት፤ ከአምስት አንድ። አሁን አራት ካርድ ቀርቷል፤ ሁለቱ ቀ ናቸው፤ ከአራት ሁለት። ቀጥሎ ከሦስት ካርድ ሁለቱ ጠ ናቸው፤ ከሦስት ሁለት። ቀጥሎ አንድ ቀ እና አንድ ጠ ቀርተዋል፤ ከሁለት አንድ። የመጨረሻው ያለ ምርጫ ጠ ነው። 1/6 × 1/5 × 2/4 × 2/3 × 1/2 × 1 ሲባዛ 1/180 ይሰጣል። መደጋገሙ የት ቦታ ላይ እንደረዳ በዓይን ይታያል፤ እነዚያ ከላይ የተቀመጡት ሁለት ሁለቶች ናቸው።

15ኛው ይህንኑ መንገድ ሊያሳጥር ሲል ተንሸራተተ። ተ ከስድስት አንድ፣ ን ከስድስት አንድ፣ ቀ ከስድስት ሁለት እያለ እስከ መጨረሻው ሄዶ ከ2916 አንድ አገኘ። ስሌቱ ልክ ነው፤ ጥያቄው ግን ሌላ ነው። እሱ ያሰላው ካርዱን አንስቶ አይቶ መልሶ ሲበውዝ ነው። በዚያ ጨዋታ ስድስት ጊዜ ተ ሊመጣ ይችላል። የእነ ከፋቹ ካርዶች ግን አንዴ ከተቀመጡ አይመለሱም። 16ኛው ይህን ነገረው፤ 15ኛውም ጥያቄውን ሳያነብ መግባቱን አመነ።

17ኛው መላሽ ፊደላችንን አነሳ፤ ክሩም እዚህ ጋ ነው የጣፈጠው። ቃሉ «ተንቀጠቀጠ» ባይሆንና «ተንቀሳቀሰ» ቢሆንስ? አለ። ለጆሮ ያው አንድ ዓይነት ቅርጽ ያለው ግስ ነው። የሚደጋገሙትም ቀ እና ሰ ናቸው። ታዲያ እዚያም 180 ነው?

18ኛው አዎ ነው አለ። 19ኛው ካርዱን እይ አለው። አንዱ ካርድ ላይ ያለው ሳ ነው፤ ሌላው ላይ ሰ። ቦታ ቢለዋወጡ «ተንቀሰቀሳ» ይሆናል፤ ማንም አንባቢ ልዩነቱን ያያል። ስለዚህ የሚደገመው ቀ ብቻ ነው፤ 720 ለሁለት፤ 360። 18ኛው፣ ሰ እና ሳ አንድ ፊደል እንጂ ሁለት አይደሉም፤ አናባቢው ነው የተለወጠው ብሎ ተከራከረ። ከዚያ ሦስት አራት ሰው ስለ ቤተሰብ ሆሄያት ሲጨቃጨቅ ቆየ። ሰ እና ሠስ? ድምፃቸው አንድ ነው፤ ቅርጻቸው ይለያል። አንዱ ካርድ ሰ፣ ሌላው ሠ ቢሆን፣ በሁለቱም ጽሕፈት የተነበበውን ቃል እንቀበላለን ወይስ አንቀበልም? እዚህ ላይ አንዱ መላሽ ሌላውን አንቱ እያለ ነበር የሚያናግረው፤ አክብሮት ሳይሆን መርፌ ነበር።

ይህ ክፍል መቋጫ አላገኘም። በኔ ግምት መቋጫውን ሒሳቡ ሊሰጠው አይችልም። ሒሳቡ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሁለቱን ካርዶች ሳታይ ብለዋውጣቸው፣ ተመልሰህ ስታነብ ታውቃለህ? ካወቅህ የተለያዩ ናቸው። ካላወቅህ አንድ ናቸው። ሰ እና ሠን አንድ አድርጎ መቀበል የአንባቢው ውሳኔ ነው፤ ከተወሰነ በኋላ ግን ቁጥሩ ራሱ ይከተላል።

24ኛው ለጨዋታ ያህል ሚሲሲፒን አመጣ። በሒሳብ መጻሕፍት ውስጥ ለዚህ ርዕስ የተለመደው ምሳሌ የዚህ ወንዝ ስም ነው። በላቲን ፊደል 11 ሆኖ ይጻፋል፤ አንድ ኤም፣ አራት አይ፣ አራት ኤስ፣ ሁለት ፒ። 11!/(4!·4!·2!) ሲሰላ 34,650 ይሆናል። በእኛ ፊደል ግን ሚ፣ ሲ፣ ሲ፣ ፒ ነው፤ አራት ካርድ፣ አንድ ድግግሞሽ፤ 12 ብቻ። አንድ ወንዝ፣ አንድ ስም፤ በአንዱ ጽሕፈት ከ34,650 አንድ፣ በሌላው ከ12 አንድ። የተቆጠረው ቃሉ ሳይሆን ካርዱ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ አላየሁም። በዚህ ሁሉም ሳቀ፤ ጭቅጭቁም ለጊዜው በረደ።

ለጊዜው ነው ያልኩት። 25ኛው መላሽ ጥያቄውን ትንሽ ለወጠው። ከስድስቱ ካርዶች ሁለት ብቻ ቢነሱና በተነሱበት ቅደም ተከተል ቢቀመጡ፣ «ቀጠ» የመነበብ ዕድሉ ስንት ነው?

8ኛው ሰውዬ፣ ያ የ30ው ሰው፣ በ26ኛው ተመልሶ መጣ። ትምህርት ወስጃለሁ አለ። የሚነበቡትን የተለያዩ ጥንዶች ልቁጠር፦ የተለያየ ፊደል ያላቸው 4×3፣ 12 ናቸው። ቀቀ እና ጠጠ ሲጨመሩ 14። ስለዚህ ከ14 አንድ። በለምለምም እንደዚሁ ነው የቆጠራችሁት፤ ስድስት አሉ፤ ከስድስት አንድ አላችሁ። አሁን ምን ትሉኛላችሁ?

መልሱ ስህተት ነው፤ ግን ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ብሆን ወዲያው የምመልሰው አይመስለኝም። አንዱ መሃል ገብቶ ይህ ሰው ዳግም መጣ ወይ ብሎ ተሳለቀ፤ ያ ተገቢ አልነበረም። 28ኛው ላይ መምህሯ መለሰችለት፤ የክሩ ረጅሙ መልስም ይኸው ነው።

እርሳሱን አንሱ አለች እንደገና። በቁጥር የተለዩትን ካርዶች ተመልከቱ። የመጀመሪያው ካርድ ስድስት ምርጫ፣ ሁለተኛው አምስት፤ 30 ጥንድ አለ፤ ሁሉም እኩል ዕድል አላቸው። «ተን» የሚነበበው ስንቱ ነው? አንድ ብቻ። «ቀቀ»? ሁለት፤ ቀ1 ቀ2 እና ቀ2 ቀ1። «ቀጠ»? አራት፤ ማንኛውም ቀ ከማንኛውም ጠ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ 14ቱ ንባቦች እኩል አይደሉም። «ቀጠ» ከ30 አራት ነው፤ ሲቀል ከ15 ሁለት። ከ14 አንድ ከሚለው እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። «ተን» ደግሞ ከ30 አንድ ነው፤ ከ14 አንድ ከሚለው ከግማሽ በታች።

ታዲያ በስድስቱ ካርድ ላይ ለምን ሠራ? ስድስቱም ካርዶች ሲቀመጡ እያንዳንዱ ንባብ ሁለቱንም ቀ እና ሁለቱንም ጠ ይዟል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ንባብ ጀርባ የተደበቁት የቁጥር አደራደሮች ልክ አራት ናቸው፤ «ተንቀጠቀጠ»ም ሆነ «ጠጠቀቀንተ»። ለሁሉም እኩል አራት ስለሆነ 180ዎቹ እኩል ዕድል አላቸው፤ ከ180 አንድ ማለትም ይፈቀዳል። ሁለት ካርድ ብቻ ሲነሳ ግን አንዱ ንባብ አራት፣ ሌላው ሁለት፣ ሌላው አንድ ደብቋል። የተለያዩ ንባቦችን መቁጠርና ዕድልን መለካት እዚያ ጋ ይለያያሉ። ለማወቅም ቀላል መንገድ ሰጠች። ድርሻዎቹን ደምሯቸው። ተ እና ን ብቻ የያዙ ሁለት ጥንዶች አንድ አንድ፣ ስምንት ቅልቅል ጥንዶች ሁለት ሁለት፣ «ቀጠ» እና «ጠቀ» አራት አራት፣ «ቀቀ» እና «ጠጠ» ሁለት ሁለት። 2 እና 16 እና 8 እና 4፤ 30 ሞላ። ካልሞላ የሆነ ቦታ ተረስቷል።

8ኛው ሰው አልተቀበለም ለማለት ይከብዳል፤ ተቀበለ ለማለትም እንዲሁ። በ29ኛው ላይ፣ እንግዲያው ሕጉ አንዴ ይሠራል አንዴ አይሠራም ማለት ነው፤ ይህ ሒሳብ ነው ወይስ የአየር ጠባይ ብሎ ጻፈ። የሚያስቅ ነው፤ ብስጭቱም ይገባኛል።

30ኛው ፕሮግራመር ነው። ንግግር ሰለቸኝ ብሎ ይህን ለጠፈ፦

```python
from itertools import permutations
w = "ተንቀጠቀጠ"
p = list(permutations(w))
print(len(p), len(set(p)), p.count(tuple(w)))
```

የሚያወጣው 720፣ 180 እና 4 ነው። መምህሯ በእርሳስ ያደረገችውን ማሽኑ በአራት መስመር አደረገው። እሱ ግን በዚህ አላቆመም። ፕሮግራሙ ካርዶቹን 18,000 ጊዜ እንዲበውዝ አደረገ፤ ቃሉ 93 ጊዜ ወጣ። 31ኛው ይህን አይቶ ተነሳ። 18,000 ለ180 ሲካፈል 100 ነው፤ 93 አይደለም፤ ስለዚህ ከ180 አንድ የሚለው ትክክል አይደለም! ፕሮግራመሩ በ32ኛው ላይ፣ ሳንቲም መቶ ጊዜ ወርውሮ ልክ ሃምሳ ዘውድ የሚጠብቅ ሰው ነህ ወይ ብሎ መለሰለት። እዚህ ልክ ላይ አሥር ገደማ ከፍ ወይም ዝቅ ማለት የተለመደ ነው። ዋናው ነገር ደግሞ ሌላ ነው፤ የጓደኛው ከ720 አንድ እውነት ቢሆን ኖሮ ቃሉ የሚጠበቀው 25 ጊዜ ገደማ ነበር። 93 ከ100 ጋር ይስማማል፤ ከ25 ጋር ግን በምንም መንገድ አይታረቅም።

እዚህ ላይ ክሩ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። 33ኛው ላይ ራሱ ጓደኛው ብቅ አለ።

ሁሉን በዝምታ ሲያነብ ነበር። አንድ ነገር ግን አልተነገራችሁም አለ። ካርዶቹን ሲጽፍ ጥቁር እስክሪብቶው መሃል ላይ ስለጨረሰ፣ አንዱን ቀ በቀይ ነው የጻፈው። ስለዚህ ሁለቱ ቀዎች ያለ ምንም የእርሳስ ቁጥር ይለያሉ። እሱ ሲወራረድም ያሰበው ካርዶቹ በተጻፉበት ቅደም ተከተል፣ ቀዩ ቀ በራሱ ቦታ ሆኖ፣ እንዲመለሱ ነው። ስለዚህ ከ720 አንድ።

ከፋቹ በ34ኛው ላይ ተንጨረጨረ። ውርርዱ «ተብሎ ይነበብ» ነበር የሚለው፤ ቀለም አይነበብም። ይህን ቀይ ካርድ እስከ ዛሬ የት ደብቀኸው ነበር?

35ኛዋ መምህሯ ነች። በቀለም ይቆጠር ከተባለም 720 አይሆንም አለች። ቀዩ ሁለቱን ቀዎች ነው የለየው። ሁለቱ ጠዎች ግን ሁለቱም ጥቁር ናቸው፤ ቢለዋወጡ ጓደኛው ራሱ አያውቅም። ስለዚህ ከ720 ሁለት ነው፤ ከ360 አንድ። ከሁለቱ ተወራራጆች ማንም ያላለው ቁጥር።

ከዚያ በኋላ የጻፈ የለም። እቃውን ማን እያጠበ እንደሆነ አላውቅም።